ጠብታ፣ ቦይ ወይስ ማጠጫ? ለአንድ መደብ ጎመን የሚበቃን ውሃ

«አንተ መምህር፣ ይሄን ጎማ ልጣለው ወይስ ይጠገናል?» አሉኝ ጎረቤቴ። እጃቸው ላይ የተጠቀለለ ጥቁር ቀጭን ጎማ ይዘዋል። ከጥቂት ወራት በፊት በብሎካችን ለአንዳንድ ቤተሰቦች ባልዲና የጠብታ መስኖ ጎማ ታድሎ ነበር። ሰዎቹ መጥተው አንድ ቀን አሳዩን፣ ፎቶ አነሱ፣ ሄዱ። ሦስት ወር ሳይሞላው ግማሹ ጎማ አጥር ላይ ተሰቅሎ የልብስ ማስጫ ሆነ። የእትዬም ጎማ እንደዚያው ሊሆን ነበር።

እኔ የግብርና ምሩቅ አይደለሁም። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ እዚሁ ካኩማ ካምፕ ውስጥ ልጆች አስተምራለሁ፤ የትምህርት ቤታችንን የአትክልት ክበብም የምይዘው እኔ ነኝ። ግን ከልጆቹ ጋር ሦስት መደብ ጎን ለጎን ሠርተን፣ አንዱን በጠብታ፣ አንዱን በቦይ፣ አንዱን በማጠጫ ቆርቆሮ አንድ ሙሉ የጎመን ወቅት አጠጥተናል። ያየሁትን ነው የምጽፈው። ነገሩ የሚመለከተው እንደኛ በጀሪካን ውሃ ቀድቶ በጓሮው ጥቂት ጎመን፣ ቆስጣ ወይም ባሚያ የሚተክል ሰው ነው።

መጀመሪያ ግን ሒሳቡ

ዘዴ ከመምረጥ በፊት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል፦ መደቡ በቀን ስንት ሊትር ይጠጣል? ይህ ቀላል ሒሳብ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ ቢፈስ ልክ አንድ ሊትር ይሆናል። እንደ ካኩማ ባለ ሞቃትና ነፋሻማ ቦታ፣ ቅጠሉ መሬቱን የሸፈነ ጎመን በቀን ወደ 6 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል። ስለዚህ በካሬ ሜትር 6 ሊትር ማለት ነው።

የክበባችን መደብ ወርዱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 5 ሜትር ነው፤ 5 ካሬ ሜትር። 5 ጊዜ 6 ሲባል 30 ሊትር፣ ማለትም አንድ ጀሪካን ተኩል በቀን። በመደቡ ላይ ሱኩማ በሁለት ረድፍ፣ በረድፉ ውስጥ 30 ሳንቲ ሜትር እያራራቅን 32 ችግኝ ነው የተከልነው። ስለዚህ በደፈናው አንድ ያደገ ጎመን በቀን አንድ ሊትር ገደማ ይጠጣል ብላችሁ መያዝ ትችላላችሁ። ችግኙ ገና ትንሽ ሲሆን የዚህ ሲሶ ወይም ግማሽ ይበቃዋል።

ይህ 30 ሊትር ተክሉ ራሱ የሚፈልገው ነው። በመንገድ የሚባክነው ከዚህ በላይ ነው፤ ሦስቱ ዘዴዎች የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው። አንድ ዘዴ ውሃ አይፈጥርም፤ የሚያደርገው ብክነቱን መቀነስ ወይም መጨመር ብቻ ነው።

አሁን ይህን ከቤት ውሃ ጋር አስተያዩት። ዩኤንኤችሲአር ለአንድ ሰው በቀን እንዲደርስ የሚለው መለኪያ 20 ሊትር ነው። እትዬ ቤት ስድስት ሰው አለ። ቧንቧው በሰዓቱ ከመጣና ወረፋው ካልተበላሸ 120 ሊትር፣ ስድስት ጀሪካን ይደርሳቸዋል። ከዚህ ላይ አንድ ተኩል ጀሪካን ንጹህ ውሃ ለጎመን ማፍሰስ ማለት የቤቱን ውሃ ሩብ መስጠት ነው። ልጅ ሳይታጠብ ጎመን ይጠጣ አይባልም። የጥያቄው ክብደት ያለው እዚህ ጋ ነው።

ቦይ፦ አገር ቤት የለመድነው

ከአገራቸው የመስኖ እርሻ የሚያውቁ ሰዎች መጀመሪያ የሚሠሩት ቦይ ነው። ብሎካችን ውስጥ ከቆቦ በኩል የመጡ አንድ ጋሼ አሉ። እሳቸው የሽንኩርት ማሳ በቦይ ሲያጠጡ ነው ያደጉት። የክበባችንን ሁለተኛ መደብ ቦይ ያወጡልን እሳቸው ናቸው፤ በሁለቱ የጎመን ረድፎች መሃል፣ ከዳር እስከ ዳር 5 ሜትር፣ ቀጥ ያለ የሚያምር ቦይ።

አንድ ጀሪካን በቦዩ ራስ ላይ ቀስ ብለን አፈሰስን። ውሃው ሁለት ሜትር ሄዶ ጠፋ። ሁለተኛ ጀሪካን ጨመርን፤ ሦስት ሜትር ተኩል። ጫፍ ለመድረስ ሦስት ጀሪካን ፈጀ። 30 ሊትር ለሚበቃው መደብ 60 ሊትር ማለት ነው።

ምክንያቱ አፈሩ ነው። የኛ ጓሮ አሸዋማ ነው፣ ውሃውን ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ታች ይውጠዋል። ቦይ ጥሩ የሚሠራው ውሃው በብዛትና በፍጥነት ሲመጣ ነው፤ ከወንዝ ተጠልፎ ወይም በፓምፕ ተገፍቶ። ያኔ ቦዩ ቶሎ ይሞላና ውሃው ከራስ እስከ ጫፍ እኩል ይሰርጋል። ከጀሪካን የሚንቆረቆር ውሃ ግን ገና ጫፍ ሳይደርስ ራስጌ ያለው አፈር ጠጥቶ ይጨርሰዋል። በሦስተኛው ሳምንት ልዩነቱ በዓይን ይታይ ነበር። ቦዩ ራስጌ ያሉት ጎመኖች የታችኛው ቅጠላቸው ቢጫ ሆነ፤ የበዛው ውሃ የአፈሩን ምግብ ከሥራቸው በታች አጥቦ ወስዶታል። ጫፍ ላይ ያሉት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ጠውልገው ይውሉ ነበር። አንድ መደብ ላይ ጥጋብና ረሃብ ጎን ለጎን ማለት ነው።

ጋሼ ግን እጅ አልሰጡም። «ቦዩ አይደለም ያጠፋው፣ ርዝመቱ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። ቦዩን በአፈር እየገደቡ አንድ ሜትር ከግማሽ በሚሆኑ ሦስት አጫጭር ክፍሎች ከፋፈሉት፣ የእያንዳንዱን ወለል በእግራቸው ረግጠው አጠበቁትና ውኃ ልኩ አደረጉት። ውሃውንም በቀስታ መንቆርቆር ትተው ጀሪካኑን አዘንብለው ባንድ ጊዜ ያፈሱት ጀመር። በፍጥነት የሚፈስ ውሃ ከመስረጉ በፊት ክፍሉን ይሞላዋል። በዚህ መንገድ ከሦስት ጀሪካን ወደ ሁለት ከምናምን ወረደ። ያው አሁንም ከሌሎቹ ይበልጣል፣ ግን የጫፉ ጎመን ከጥም ተገላገለ።

ከጋሼ የተማርኩት ሌላም ነገር አለ። የካኩማ ጉድጓድ ውሃ ትንሽ ጨው አለው፤ ጀሪካናችሁ ውስጥ ነጭ ነገር ሲጋገር አይታችኋል። በቦይ ሲጠጣ ውሃው ወደ መደቡ ጀርባ ይሳባል፣ እዚያ ላይ ይተናል፣ ጨው ግን አብሮ ስለማይተን ጀርባው ላይ ይቀራል። ስለዚህ ችግኙን ከፍ ያለው ጀርባ አናት ላይ አትትከሉ። ጎኑ ላይ፣ ውሃው ከሚደርስበት መስመር ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ትከሉ። አናቱ ላይ ነጭ ዱቄት ስታዩ ጨው መሆኑን እወቁ፤ በእጅ ጠርጎ ከመደቡ ማውጣት ነው።

በታራች ላጋ ዳር ትንሽ ፓምፕ ያላቸው ወይም ከቧንቧ ጣቢያ የሚፈሰው ትርፍ ውሃ በጓሯቸው የሚያልፍ ካሉ፣ ለነሱ አጭር ቦይ ይሁን። በጀሪካን ለሚቀዳ ሰው ግን ቦይን አልመክርም።

ጠብታ፦ ጎማው ለምን ተደፈነ?

ወደ እትዬ ጎማ ልመለስ። የጠብታ መስኖ ማለት ውሃን ከፍ ካለ ባልዲ በቀጭን ጎማ አውርዶ፣ በየ30 ሳንቲ ሜትሩ ባለች ትንሽ ቀዳዳ በየተክሉ ሥር ማንጠባጠብ ነው። ትልልቅ እርሻዎች በፓምፕ ግፊት ያደርጉታል። የኛ ግን ግፊቱ የባልዲው ከፍታ ብቻ ነው። ይህ የባልዲ ዓይነት ለኬንያ አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ውሃ በሚያጥርባቸው አካባቢዎች ሲሞከር ቆይቷል።

ክበባችን የነበረው አንድ 20 ሊትር ባልዲና እያንዳንዳቸው 5 ሜትር የሆኑ ሁለት መስመሮች ናቸው፤ 32 ቀዳዳ ለ32 ጎመን። ባልዲውን ከመደቡ አንድ ሜትር ከፍ አድርገን እንጨት ላይ ሰቀልነው። በዚህ ከፍታ ባልዲው በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ውስጥ ያልቃል። ከግማሽ ሜትር በታች አውርዳችሁ ብትሰቅሉት ጫፍ ያሉት ቀዳዳዎች ማንጠባጠብ ያቆማሉ። ብዙ ቤት ያየሁት ስህተት ይህ ነው፤ ባልዲው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ «አይሠራም» ይባላል።

ጎመኑ ባደገ ጊዜ ጠዋት አንድ ባልዲ ሙሉ፣ ማታ ግማሽ ሰጠነው። 30 ሊትር፣ ልክ የሒሳቡ። ምንም አልባከነም ማለት ይቻላል። በተክሎቹ መሃል ያለው መሬት ደረቅ ስለሚውል አረምም ያነሰው እዚህ መደብ ላይ ነው። ልጆቹም ባልዲውን ሞልተው ወደ ክፍል መግባት ነው፣ ቆመው አያጠጡም።

ለሁለት የከፈልነው በምክንያት ነው። በአሸዋ ላይ ጠብታ ወደ ጎን አይሰፋም፣ እንደ ካሮት ቅርጽ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። 30 ሊትሩን ባንድ ጊዜ ብንሰጠው ግማሹ ከሥሩ በታች ያልፋል። በዚህም የተነሳ ችግኙ ከቀዳዳው ከአንድ ስንዝር ግማሽ ርቆ መተከል የለበትም። ሸክላ አፈር ያላችሁ ግን እድለኞች ናችሁ፤ እዚያ ውሃው ይሰፋል፣ በቀን አንዴም ይበቃል። የእናንተ የቱ እንደሆነ ለማወቅ ባልዲው ካለቀ በኋላ አንዱን ጠብታ አጠገብ በማንኪያ ቆፍራችሁ እርጥቡ እስከየት እንደሄደ ማየት ነው።

ታዲያ እንዲህ ጥሩ ከሆነ የእትዬ ለምን እምቢ አለ? መደባቸውን ሄጄ አየሁት። ባልዲው በትክክል ተሰቅሏል፣ ጎማው አልተቀደደም። ከ32ቱ ቀዳዳ የሚያንጠባጥበው ሰባት ብቻ ነው። የጎማውን ጫፍ ፈትቼ በሁለት ጣቴ ስጨምቀው ነጭ፣ የሚያዳልጥ ነገር ወጣ። «እትዬ፣ ባልዲው ውስጥ የምን ውሃ ነው የሚጨምሩት?» አልኳቸው። «የልብስ ማለቅለቂያ ነዋ! ንጹህ ውሃ ከየት አመጣለሁ?» አሉ።

መልሱ ይኸው ነበር። ያለቀለቁበት ውሃ ሳሙና፣ የጨርቅ ብናኝ፣ የእቃ ከሆነ ደግሞ ቅባት አለው። ባልዲው አፍ ላይ የሚታሰረው ጨርቅ አሸዋና ቅጠል ያስቀራል እንጂ ሳሙናን አያስቀርም። ሳሙናው ጎማው ውስጥ ገብቶ ከብናኙ ጋር ይጋገራል፣ ቀዳዳዋም የመርፌ ጫፍ የምታህል ናት። ጎማውን ያደሉን ሰዎች ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ቢነግሩን ኖሮ ስንት ጎማ ይተርፍ ነበር።

መደፈንን ቀድሞ ማወቅ ይቻላል። እኛ በየሁለት ሳምንቱ የምናደርገው ይህ ነው፦ ከመጀመሪያው፣ ከመሃሉና ከመጨረሻው ቀዳዳ ሥር አፈሩን በትንሹ ቆፍረን ትንሽ ጣሳ እናስቀምጣለን፣ ባልዲውን ሞልተን ግማሽ ሰዓት እንጠብቃለን። ከዚያ በየጣሳው ያለውን ውሃ ምልክት ባደረግንበት የለስላሳ ጠርሙስ እንለካለን። አንድ ጊዜ የመጀመሪያው 210 ሚሊ ሊትር፣ የመሃሉ 190፣ የመጨረሻው 90 ሆነ። ጫፉ ከግማሽ በታች ሲያገኝ ጎማው ውስጥ ጭቃ ተኝቷል ማለት ነው። ጫፎቹን ፈትተን አንድ ባልዲ ውሃ ለቀቅንበት፣ ቡናማ ውሃ ወጣ። በሌላ ጊዜ ስንለካ የመጨረሻው 170 ደረሰ። ሦስቱም እኩል ቢያንሱ ግን ችግሩ ጎማው አይደለም፤ ባልዲው መውጫ ላይ ያለው ማጣሪያ ነው ወይም ባልዲው ዝቅ ብሏል።

ቀዳዳዋን በመርፌ አትውጉ። ትከፈታለች፣ ግን ትሰፋለች፤ ከዚያ በኋላ ያች አንዷ የሌሎቹን ውሃ ትጠጣለች። የእትዬን ጎማ ሳፋ ውስጥ ውሃ ሞልተን አሳደርነው፣ ጠዋት በጣት እያሸን ከሁለቱም ጫፍ ንጹህ ውሃ ለቀቅንበት። ከ32ቱ 21 ቀዳዳ ተመለሰ። ነጩ ነገር የጨው ድንጋይ ከሆነ አቼቶ በውሃ በጥብጦ ውስጡ ማቆየት ይረዳል፤ የሳሙና ከሆነ ግን ከማሸት ሌላ መላ አላገኘንለትም።

ባልዲውን በተመለከተ ሁለት ትንንሽ ነገሮች አሉ። ጎማው ከባልዲው ታች ወለል ጋር እኩል አይውጣ፣ ሦስት አራት ጣት ከፍ ይበል፤ ደለሉ ወለሉ ላይ ይቅር። ክዳንም ይኑረው፤ ብርሃን የገባበት ውሃ አረንጓዴ ያበቅላል፣ እሱም ይደፍናል።

ጨውም በጠብታ አይጠፋም። እርጥቡ ክብ ዳር ላይ እንደ ቀለበት ይቆማል። ተክሉ መሃል ስለሆነ አይጎዳውም። አደጋው የመጀመሪያው ካፊያ ሲጥል ነው፤ ትንሽ ዝናብ ያን ቀለበት አጥቦ ወደ ሥሩ ይመልሰዋል። ስለዚህ ካፊያ ሲጀምር «ዘነበ» ብላችሁ ባልዲውን አታቁሙ፣ እንደውም ሙሉት፤ ጨውን ወደ ውጭ ይገፋል። ሞኝነት ይመስላል፣ ልጆቹም ሳቁብኝ፣ ግን ምክንያቱ ይህ ነው።

ማጠጫ፦ የተናቀው

ሦስተኛውን መደብ ያጠጣነው በዘይት ቆርቆሮ ነው። አራት ሊትር የሚይዝ ባዶ ቆርቆሮ፣ ወለሉ በቀጭን ሚስማር ወንፊት ሆኖ የተበሳ። ሱቅ የሚሸጠው ማጠጫም ያው ነው፣ ዋጋው ነው የሚለየው። ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ ውሃው አፈሩን ይደበድበዋል፣ ላዩ ይጠነክራል፣ ከዚያ በኋላ የምታፈሱት ሁሉ ወደ ዳር ይሸሻል።

በመጀመሪያው ወር 40 ሊትር ፈጀብን። ከጠብታው አሥር ሊትር ይበልጣል። ያ አሥር ሊትር የት እንደሄደ ለማወቅ ብዙ አልፈጀም። በሁለቱ ረድፎች መሃል ማንም ያልተከለበትን መሬት እያጠጣን ነበር። ልጆቹ ደግሞ መደቡ ላይ አንድ ጊዜ ዞር ዞር ብለው ላዩ ሲጠቁር «ጠጣ» ይላሉ። አንድ ቀን ካጠጡ ከአንድ ሰዓት በኋላ በዱላ ወግተን አየነው፤ ሁለት ጣት ብቻ ነው የራሰው፣ ከሥሩ ደረቅ ነው። እንዲህ የሚጠጣ ጎመን ሥሩን ወደ ላይ ያመጣል፣ አንድ ቀን ውሃ ከቀረበት ይወድቃል።

ሦስት ነገር ቀየርን። መደቡን አንድ ስንዝር ያህል ከመሬት በታች ዝቅ አድርገን ዳሩን ከፍ አደረግን፤ እንዲህ ያለ የጠለቀ መደብ በካኩማ ብዙ ቤት ታያላችሁ፣ ነፋሱንም ይከላከላል፣ ውሃም አያመልጥም። በየጎመኑ ዙሪያ ትንሽ ጎድጓዳ ሠራንና የዚያን ብቻ አጠጣን፤ ለእያንዳንዱ ግማሽ ሊትር አፍስሶ ተራውን እስከ መጨረሻ ማድረስ፣ ከዚያ ተመልሶ ሁለተኛውን ግማሽ ሊትር መስጠት። በመሃል ያለው ጊዜ የመጀመሪያው እንዲሰርግ ነው። ሦስተኛው ጉዝጓዝ ነው፤ የበቆሎ አገዳ፣ ደረቅ ቅጠል፣ አሮጌ ጆንያም ይሆናል። ምስጥ ካለ ከግንዱ አንድ መዳፍ ማራቅ ነው። በዚህ ሁሉ 40 ሊትሩ ወደ 32 ወረደ። ከጠብታው በሁለት ሊትር ብቻ ይበልጣል ማለት ነው።

ይህን ስለካ ራሴም ገርሞኛል። ለትልቅ እርሻ ጠብታ ከማጠጫ ጋር አይወዳደርም፤ ማን ነው ለሺህ ተክል በእጁ ግማሽ ሊትር እየቆጠረ የሚሰጠው? ለ32 ጎመን ግን እጅ ራሱ የጠብታ መስኖ ነው። የሚከፈለው ጊዜ ነው፤ በልጆች እጅ ሃያ ደቂቃ ጠዋት፣ ማታም ትንሽ።

ማጠጫው ከጠብታው የሚበልጥበት ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። ያለቀለቁበትን ውሃ ይቀበላል።

ያለቀለቁበት ውሃ እንዴት ይሰጣል

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን፣ አረፋው የበዛውን የልብስ ውሃ አትስጡ፤ የዱቄት ሳሙና ጨው አፈሩን ያበላሸዋል። የሚሆነው ሁለተኛውና ሦስተኛው ማለቅለቂያ ነው። በረኪና የገባበት፣ የሕፃን ጨርቅ የታጠበበት ውሃ አይሆንም። የእቃ ውሃ ከሆነ ቅባቱ ያነሰውን ብቻ። በዚያው ቀን ይፍሰስ፤ ያደረ ይሸታል፣ ትንኝም ይጠራል።

ቅጠል ላይ ሳይሆን ሥር ላይ ይፍሰስ። ተቀቅሎ ለሚበላ ነገር ይሁን፤ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ባሚያ። ጥሬውን ለምንበላው ለሰላጣና ለቲማቲም ንጹህ ውሃ ይሻላል። ደግሞ በየሳምንቱ አንድ ቀን ንጹህ ውሃ አብዝቶ ማጠጣት ጥሩ ነው፤ የተጠራቀመውን ሳሙናና ጨው ወደ ታች ይወስደዋል። አፈሩ ላዩ እንደ ሲሚንቶ ሲጠነክር ወይም የቅጠሉ ዳር ተቃጥሎ ቡናማ ሲሆን፣ ያለቀለቁበትን ውሃ ለሁለት ሳምንት አቁሙ።

እትዬ ቤት ከስድስት ጀሪካን ውስጥ ለጎመን የሚሆን ማለቅለቂያ በቀን ከአንድ ጀሪካን ትንሽ ይበልጣል። ልብስ በሚታጠብበት ቀን ሁለት ይሞላል። መደባቸው የኛን ያህል ስለሆነ ከንጹሁ ውሃ የሚቀነሰው ግማሽ ጀሪካን ብቻ ነው፤ ለዚያውም ልብስ በማይታጠብበት ቀን።

ስለዚህ «ልጣለው ወይስ ይጠገናል?» ላሉት የመለስኩላቸው ይህን ነው፦ ጎማው ይጠገናል፣ ግን ለእርስዎ ቤት አይሆንም፤ ንጹህ ውሃ ይፈልጋል፣ እርስዎ ያለዎት ደግሞ ያለቀለቁበት ነው። ቤቱ ቧንቧው ጥግ የሆነና ንጹህ ውሃ የሚተርፈው፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ሥራ ውሎ ለማጠጣት ጊዜ የሌለው ሰው ግን ጠብታውን ይያዝ፤ በየሁለት ሳምንቱ ጣሳውን አስቀምጦ መለካት እንዳይረሳ ብቻ።

እትዬ ትንሽ ተከዙ። «ታዲያ ያን ሁሉ ወረፋ ይዤ የተቀበልኩት ለዚህ ነው?» አሉ። ከዚያ የዘይት ቆርቆሯቸውን አምጥተው ሚስማር አቀበሉኝ። ወለሉን ስበሳ ትልቋ ልጃቸው መደቡን ዝቅ አደረገች። አሁን በየማታው እቃ ከታጠበ በኋላ ግማሽ ግማሽ ሊትር እየቆጠሩ ያጠጣሉ፤ ቆጠራው የትንሹ ልጅ ሥራ ነው፣ እስከ 32 መቁጠር የተማረውም እዚያ ነው። ጎማውን ለክበባችን ሰጡን። አንደኛው መስመር ትምህርት ቤት ቲማቲም ያጠጣል፤ ሁለተኛውን ፍየል በልቶታል።